ስንት ቫውቸር ይበቃል? የቁጥጥር ፍተሻ ናሙና ጥያቄና መልስ

ጀማሪ ኦዲተር፦ በዓመቱ 4,200 የክፍያ ቫውቸር አለ። ሁለት ፊርማ መኖሩን ልፈትሽ ነው። ስንት ልውሰድ? 10 በመቶ ይበቃል?

መላሽ፦ 420 ማየት ልፋት ነው። የቫውቸሩ ብዛት በሺዎች ከሆነ የናሙናውን መጠን እምብዛም አይለውጠውም። የሚለውጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ምን ያህል ግድፈት ልትታገሥ እንደምትችል፣ ምን ያህል እንደምትጠብቅና ምን ያህል እርግጠኛ መሆን እንደምትፈልግ። እስከ 5 በመቶ ልትታገሥ፣ አንድም ላትጠብቅና 95 በመቶ እርግጠኛ ልትሆን ከፈለግህ በናሙና መጠን ሠንጠረዡ መሠረት 59 ይበቃል። ምክንያቱም ግድፈቱ በእውነት 5 በመቶ ቢሆን፣ 59 ቫውቸር አንስተህ ሁሉም ንጹሕ የመውጣት ዕድሉ 0.95 ለ59 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው፤ ይህም ከ5 በመቶ በታች ነው። መምረጫው በኤክሴል ይህ ነው፤ ቁጥር ከተደገመ ሌላ አውጣ።

```
=RANDBETWEEN(1,4200)
```

ሌላ ኦዲተር፦ እኛ ሁልጊዜ 25 እናያለን። ስታቲስቲካል ነው ማለት ነው?

መላሽ፦ ቁጥሩ ብቻውን አያደርገውም። ከፋይሉ እጅህ የገባልህን 25 ካነሳህ የሙያ ግምት ነው። በዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ አይኤስኤ 530ም የተፈቀደ ነው፤ ግን «95 በመቶ እርግጠኛ ነኝ» ብለህ መጻፍ አትችልም። በዘፈቀደ ቁጥር መርጠህ 25ቱም ንጹሕ ቢሆኑ እንኳ፣ በ90 በመቶ እርግጠኝነት የምትለው «ግድፈቱ ከ9 በመቶ አይበልጥም» ብቻ ነው። ይህ ለዋና ቁጥጥር ይብቃ አይብቃ የአንተ ውሳኔ ነው፤ ምክንያቱን በሥራ ወረቀትህ ላይ አስፍር።

የድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ፦ የእኛ የባንክ ማስታረቂያ በዓመት 12 ብቻ ነው። 59 ከየት ይመጣል?

መላሽ፦ እህቴ፣ ያ ሠንጠረዥ ለእንዲህ ያለው አልተሠራም። በወር አንዴ ለሚሠራ ቁጥጥር ብዙዎች ከ2 እስከ 5 ወር ያያሉ፤ እዚህ የሙያ ግምት ይሻላል። ሰኔን ሆን ብላችሁ ከመረጣችሁ መልካም ነው፤ የዓመቱ መዝጊያ ስለሆነ ስህተት ይበዛበታል። ግን «በዕጣ ወጣ» አትበሉ።

ጀማሪ ኦዲተር፦ ከ59ኙ አንዱ ቫውቸር ጠፋ። ሌላ ልተካ?

መላሽ፦ አትተካ። በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ካልቻልክ እንደ ግድፈት ቁጠረው። የሚተካው በትክክል የተሰረዘ ቫውቸር ብቻ ነው። አንድ ግድፈት ከተገኘ በ95 በመቶ እርግጠኝነት የግድፈቱ የላይኛው ገደብ ወደ 8 በመቶ ይጠጋል፤ 5 ብቻ ልትታገሥ ካቀድክ ቁጥጥሩ ላይ እንዳቀድከው መደገፍ አትችልም። ግድፈቱ የፊርማ መጉደል ከሆነ ደግሞ በማን ፈቃድና ለምን እንደጎደለ ጠይቅ፤ አንድ ሰው ዕረፍት በወጣበት ሳምንት ብቻ ከሆነ ያን ሳምንት ለብቻው ፈትሽ።

ሌላ ኦዲተር፦ 34 ጨምሮ 93 ቢያደርገውስ? ሠንጠረዡ አንድ ግድፈት ይፈቅዳል።

መላሽ፦ 93 ከመጀመሪያው ታቅዶ ቢሆን ኖሮ አዎ። ውጤቱን አይቶ መጨመር እርግጠኝነቱን ከ95 ያወርደዋል። አንዳንድ ድርጅቶች ይፈቅዳሉ፤ እኔ ግን የሒሳቡን ቁጥሮች በቀጥታ የሚያረጋግጠውን ፍተሻ ማስፋት እመርጣለሁ።

ሌላ ኦዲተር፦ በዚህ አንስማማም፤ የጨመረው ሥራ ማስረጃ አይደለም ማለት ይከብደኛል።