ከትርፍ የሚቀነስና ከግብሩ የሚቀነስ፦ የሰሜን ሸዋ ግብር ከፋዮች ጥያቄና የአንድ የሒሳብ ባለሙያ መልስ

ጥያቄ፣ በደብረ ብርሃን የግንባታ ዕቃ የሚያቀርብ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፦ መሥሪያ ቤቶችና ፋብሪካዎች ሲከፍሉን ዊዝሆልዲንግ ይዘው ያስቀራሉ። የሒሳብ ሠራተኛችን ያንን ገንዘብ ከወጪ ጋር ደምሮታል። ያም ሆነ ይህ ተቀንሶልን የለም ወይ?

መልስ፦ ተቀንሶልዎታል፤ ነገር ግን መቀነስ ከነበረበት ቦታ ስላልተቀነሰ ማኅበርዎ አብዛኛውን ገንዘብ ያጣል። ወጪ የሚቀነሰው ግብሩ ከመሰላቱ በፊት ከገቢው ላይ ነው። ዊዝሆልዲንግ ግን በእርስዎ ስም አስቀድሞ ለመንግሥት የገባ ግብር ስለሆነ፣ የሚቀነሰው ግብሩ ተሰልቶ ካለቀ በኋላ ከራሱ ከግብሩ ላይ ነው። የመጀመሪያው ተቀናሽ ወጪ ነው፤ ሁለተኛው የግብር ማካካሻ ነው።

በአንድ ገቢ ላይ ሁለቱንም እንሥራቸው። የማኅበሩ ዓመታዊ ሽያጭ 8,000,000 ብር፣ በደረሰኝ የተረጋገጠው ወጪ ደግሞ 7,100,000 ብር ይሁን። ግብር የሚከፈልበት ገቢ 900,000 ብር ይሆናል። ከሽያጩ ውስጥ 4,000,000 ብሩ ዊዝሆልዲንግ የመያዝ ግዴታ ላለባቸው ገዢዎች የተሸጠ ነው ብንል፣ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ማሻሻያ መሠረት በ3 በመቶ የተያዘው ግብር 120,000 ብር ነው።

በትክክለኛው መንገድ ሲሠራ፣ የድርጅት ግብር 30 በመቶ ስለሆነ የ900,000 ብሩ ግብር 270,000 ብር ይመጣል። ከዚህ ላይ አስቀድሞ የተከፈለው 120,000 ብር ሲነሣ፣ ማኅበሩ ከማስታወቂያው ጋር የሚከፍለው 150,000 ብር ነው።

ሠራተኛችሁ በሠራው መንገድ ደግሞ 120,000 ብሩ ከ900,000 ብር ላይ ይቀነስና ግብር የሚከፈልበት ገቢ 780,000 ብር ይሆናል፤ የዚህ 30 በመቶ 234,000 ብር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 84,000 ብር ነው። ምክንያቱም አንድ ብር ወጪ ከግብሩ ላይ የሚያነሣው 30 ሳንቲም ብቻ ሲሆን፣ አንድ ብር ማካካሻ ግን ሙሉውን አንድ ብር ያነሣል። ይህ ጉዳይ የሚያሳስበኝ 84,000 ብሩ የማንም ዕዳ ሳይሆን አላግባብ የሚከፈል ገንዘብ በመሆኑ ነው፤ ከፋዩ ራሱ ካላየው ደግሞ ሌላ ሰው አይቶ ይነግረዋል ብዬ አልጠብቅም።

አስተያየት፣ በግል ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ የሒሳብ ሠራተኛ፦ ከወጪ መጻፉ ያን ያህል ጉዳት ያለው አይመስለኝም። ደረሰኙ በእጃችን ስላለ፣ ወጪም አድርገን ከግብሩም ላይ ብናቀናንሰው ማን ይከለክለናል? ደግሞም የተያዘው ገንዘብ ወደ ባንካችን ያልገባ ገንዘብ ነው።

መልስ፦ ገንዘቡ ወደ ባንካችሁ አለመግባቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ያ ገንዘብ የሽያጫችሁ አካል ነው። የ100,000 ብር ዕቃ ሸጣችሁ 3,000 ብር ቢያዝባችሁ፣ ቫቱን ለጊዜው ወደ ጎን ትተን፣ ባንክ የሚገባው 97,000 ብር ይሆናል። ሽያጩ ግን 100,000 ብር እንደሆነ ይቀራል፤ 3,000 ብሩም ከግብር ባለሥልጣኑ ዘንድ እንዳላችሁ ገንዘብ ሆኖ በተሰብሳቢ ሒሳብ ይመዘገባል።

ሁለቱንም በአንድ ላይ ማድረግ ግን በሕግ የሚያስጠይቅ ነው። በላይኛው ምሳሌ 120,000 ብሩ ወጪም ማካካሻም ከሆነ፣ 234,000 ብር ላይ 120,000 ብር ተቀንሶ ማኅበሩ 114,000 ብር ብቻ ይከፍላል፤ መክፈል ከነበረበት 36,000 ብር ያነሰ ማለት ነው። ኦዲተር ሲመጣ ልዩነቱ ከነወለዱና ከነቅጣቱ ይጠየቃል። የገቢ ግብር ራሱ ለገቢ ግብር ስሌት ወጪ ሆኖ አይያዝም፤ ዊዝሆልዲንግ ደግሞ አስቀድሞ የተከፈለ የገቢ ግብር ነው።

ብዙ ጊዜ ስሕተቱ በወጪ መዝገብ ላይ ፈጽሞ አይታይም። ሠራተኛው ሽያጩን የሚመዘግበው ከባንክ መግለጫው ላይ ከሆነ፣ 100,000 ብር መጻፍ ሲገባው 97,000 ብር ይጽፋል፤ ውጤቱ ወጪ አድርጎ ከመያዝ ጋር አንድ ነው። ይህንን ለማወቅ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውን የዓመት ድምር ከማስታወቂያው ሽያጭ ጋር ማስተያየት ይበቃል። በመካከላቸው ያለው ጉድለት ከዊዝሆልዲንግ ደረሰኞቹ ድምር ጋር እኩል ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ጥያቄ፣ ከአንኮበር፣ የአንድ ማኅበር ባለድርሻ፦ ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠነው 50,000 ብር ሙሉ በሙሉ ከግብራችን ላይ ይነሣል ብለው ነግረውናል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ስጦታ ተቀናሽ ወጪ እንጂ ማካካሻ አይደለም። በዚያው በ900,000 ብር ገቢ ላይ 50,000 ብር ስጦታ ሲቀነስ ገቢው 850,000 ብር፣ ግብሩም 255,000 ብር ይሆናል። ግብሩ የቀነሰው በ15,000 ብር ነው፤ ቀሪውን 35,000 ብር በእርግጥ የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ። ሕጉ ስጦታውን የሚቀበለው ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ እስካልበለጠና ተቀባዩም በሕጉ የታወቀ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሆነ፣ ወይም መንግሥት ላቀረበው የእርዳታ ጥሪ የተሰጠ ከሆነ ነው። ለጎረቤት ወይም ለዘመድ የተሰጠ እርዳታ፣ ምንም ያህል በጎ ቢሆን፣ በዚህ ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ፣ ከመሐል ሜዳ፣ መምህር፦ እኔ ደመወዝተኛ ነኝ። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮዬ ከደመወዜ ላይ ይቀነሳል፤ ስለዚህ ግብሬ የሚሰላው ከቀረው ላይ መሆን የለበትም ወይ? ከዊዝሆልዲንጉ ጋር የሚመሳሰል መስሎኝ ነው የምጠይቀው።

መልስ፦ የእርስዎ ጉዳይ ከሁለቱም የተለየ ነው። በአገራችን የደመወዝ ግብር የሚሰላው የጡረታ መዋጮው ከመቀነሱ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ ነው። ስለዚህ መዋጮው ከገቢውም ከግብሩም ላይ አይነሣም፤ ከእጅዎ ላይ ብቻ ይወጣል። ደመወዝዎ 12,000 ብር ቢሆን ግብሩ 2,250 ብር፣ መዋጮው 840 ብር ነው፤ የሚደርስዎም 8,910 ብር ይሆናል። መዋጮው ተቀናሽ ቢሆን ኖሮ ግብርዎ በ252 ብር ያንስ ነበር፤ ማካካሻ ቢሆን ኖሮ በሙሉ 840 ብር። ተቀናሽ መሆን ነበረበት ብዬ አምናለሁ፤ ሕጉ ግን እንደዚያ አይደለም።

ጥያቄ፣ ከሸዋ ሮቢት፦ በአሜሪካ ያለው ወንድሜ በልጁ ምክንያት 2,000 ዶላር ተቀነሰልኝ ብሎኛል። እኛ አገር ለልጅ የሚቀነስ የለም?

መልስ፦ የለም። ወንድምዎ ያገኘው ማካካሻ ነው፤ በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለአንድ ልጅ እስከ 2,000 ዶላር ከግብሩ ላይ ይነሣ ነበር። ያው 2,000 ዶላር ተቀናሽ ቢሆን ኖሮ፣ በ12 በመቶ እርከን ላይ ላለ ሰው የሚያተርፍለት 240 ዶላር ብቻ ነበር። የሰውየው ግብር ከማካካሻው ካነሰ ደግሞ የተረፈው በሙሉ አይመለስለትም፤ በዚያ ዓመት ሊመለስ የሚችለው እስከ 1,700 ዶላር ነበር፣ እሱም የሥራ ገቢውን ተመልክቶ።

ጥያቄ፣ የመጀመሪያው ጠያቂ፦ የእኛስ ማካካሻ ከግብሩ ቢበልጥ ምን ይሆናል? ወጪያችን በዝቶ ትርፋችን ቢያንስ ማለቴ ነው።

መልስ፦ ዊዝሆልዲንግ የራሳችሁ ገንዘብ ስለሆነ ትርፉ አይጠፋም፤ መጀመሪያ ሌላ የግብር ዕዳ ካለባችሁ ለእሱ ይውላል፣ ከዚያ የሚተርፈው ተመላሽ እንዲሆን ይጠየቃል። ወጪ ግን ሌላ ወሰን ተበጅቶለታል። በዚያው በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ማሻሻያ የድርጅቱ ግብር ከዓመታዊ ሽያጩ 2.5 በመቶ ካነሰ የሚከፈለው 2.5 በመቶው ነው። ለእናንተ የ8,000,000 ብር ሽያጭ 2.5 በመቶ 200,000 ብር ነው። ወጪው 7,400,000 ብር ደርሶ ትርፉ 600,000 ብር ቢሆን፣ በ30 በመቶ 180,000 ብር ይመጣል፤ የምትከፍሉት ግን 200,000 ብር ይሆናል። ከዚህ በኋላ የሚጨመር ወጪ በዚያ ዓመት ግብሩን በአንድ ብር እንኳ አይቀንሰውም። የተያዘው 120,000 ብር ግን ከ200,000 ብሩ ላይ እንደ ቀድሞው ሙሉ በሙሉ ይቀናነሳል።

ጥያቄ፣ ከደብረ ሲና፣ እህል ነጋዴ፦ እኔ ደረጃ ለ ነኝ። ወጪዬን ሁሉ በደረሰኝ ብይዝ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ለግብሩ ስሌት አይጠቅምዎትም፤ የደረጃ ለ ግብር በዓመታዊ ሽያጭ ላይ ስለሚሰላ ወጪ የሚቀነስበት ቦታ የለውም። የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ካለዎት ግን እሱን ይጠብቁ።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፣ የምግብ አቅራቢ፦ አንድ ገዢ 3 በመቶውን ይዞብኝ ደረሰኝ አልሰጠኝም፤ ሥራ አስኪያጁም ተቀይሯል። ማካካሻዬ ቀረ ማለት ነው?

መልስ፦ ገዢው የያዘውን ግብር ለባለሥልጣኑ የማስገባትና ለእርስዎም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ያለ ደረሰኙ ግን ማካካሻውን በማስታወቂያዎ ላይ መጻፍ አስቸጋሪ ነው፤ የገቢዎች ሠራተኛው በቃል የሚነገረውን አይቀበልም። የሽያጭ ደረሰኝዎን፣ ባንክ የገባውን ጎዶሎ ክፍያ የሚያሳየውን መግለጫና ውልዎን አያይዘው ለገዢው የጽሑፍ ጥያቄ ያቅርቡ፤ ቅጂውንም ለግብር ጽሕፈት ቤቱ ያስገቡ። ገዢው ገንዘቡን በእርስዎ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አስገብቶ ከሆነ ከመዝገብ ሊገኝ ይችላል። ካላስገባው ግን ጉዳዩ በእርስዎና በገዢው መካከል የሚያከራክር ይሆናል፤ የማስታወቂያ ጊዜው ጥቅምት 30 ደግሞ ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

አስተያየት፣ የሒሳብ ሠራተኛው፦ እኔ የማውቀው አንድ ነጋዴ በባንክ መግለጫ ብቻ ተቀብለውታል።

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ጽሕፈት ቤት ደግሞ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ስለዚህ አቅራቢው ከጥቅምት በፊት ደረሰኙን ለማግኘት ይጣሩ እንጂ በዚያ ላይ አይመኩ።