ከላይ ቆዳ፣ መሃሉ ጥሬ የሚሆን የኦቨን ድንች

ጥያቄ፦ «ሼፍ፣ ድንች ልጬ፣ ቆርጬ፣ አጥቤ፣ በዘይት ለውሼ 200 ዲግሪ ላይ ኦቨን ውስጥ እከታለሁ። አንድ ሰዓት ቆይቶ ቡኒ ይሆናል፤ ግን እንደ ቆዳ ይለጠጣል፤ ማዕድ ላይ ሳይደርስ ይለሰልሳል። መሃሉ ጠንካራ ነው፤ ትሪው ላይም ይጣበቃል። በፎይል ሸፍኚው ተብዬ ብሸፍነው ባሰበት። ምን ላድርግ? ከካሳንቺስ።»

ከኦቨኑ በፊት ውሃውን ይጠርጥሩ። መለጠጥ፣ ቶሎ መለስለስና መጣበቅ አብረው ከመጡ ድንቹ የገባው ጥሬውንና እርጥቡን ነው። ፎይሉ ደግሞ እንፋሎቱን አፍኖ ድንቹን በራሱ ውሃ ቀቅሎታል። ይህን ምክር ማን እንደጀመረው እንጃ፤ ብዙ ትሪ ድንች አበላሽቷል።

ነገሩን ትንሽ ላብራራው፤ ከገባዎት ሌላው ሁሉ ይቀላል። የድንቹ ገጽ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከውሃ መፍያ በላይ አይግልም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድንች በደንብ ቡኒ መሆን የሚጀምረው ግን ገጹ ደርቆ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። እስከዚያ የኦቨኑ ሙቀት የሚያልቀው ውሃ በማትነን ላይ ነው። በዚያ ላይ ጥሬ ድንች በቢላ የተቆረጠ ለስላሳ ገጽ ስላለው ቅርፊቱ ስስ ይሆናል፤ ከውስጥ የሚወጣው እንፋሎት ወዲያው ያርሰዋል። አስቀድሞ ተቀቅሎ ገጹ የሻከረ ድንች ግን ስታርቹ እንደ ሊጥ ይለብሰዋል፤ ያ ሲደርቅ ወፍራም ቅርፊት ይሆንና እንፋሎቱን ይቋቋማል። የውጭ አገር አዘገጃጀት «10 ደቂቃ ቀቅሉ» የሚለው ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ለሚፈላበት አገር ነው፤ እዚህ በ10 ደቂቃ መሃሉ አይበስልም።

1 ኪሎ ተኩል ድንች ይላጡና ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡ። ሲቀቀል የሚፈረፈረውን ዓይነት ይምረጡ፤ ለሰላጣ ቅርጹን ይዞ የሚቀረው ለዚህ አይሆንም። 2 ሊትር ተኩል ውሃ ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩ። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ ሶዳው ብቻውን ነው የድንቹን ገጽ የሚያላላው። ከበዛ ግን ድንቹ ሳሙና ሳሙና ይላል። ከፈላ በኋላ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይቀቅሉ። ቢላ እስከ መሃሉ ያለ ትግል ከገባና ጠርዙ መፈራረስ ከጀመረ በቃው።

አጥልለው ወደ ትኩሱ ድስት ይመልሱት፤ ክዳኑን ገጥመው ገጹ እንደ ገንፎ እስኪሻክር ጥቂት ጊዜ ይነቅንቁት። ከዚያ ክዳኑን አንስተው እንፋሎቱ እስኪቆም 10 ደቂቃ ይተዉት። ይህን ደቂቃ አይስረቁ፤ የእርስዎ ችግር ያለው እዚህ ነው።

ድንቹ ሲደርቅ ኦቨኑን 220 ላይ አድርገው 100 ሚሊ ሊትር የሱፍ ዘይት በትሪው ያግሉ። ትሪው ወፍራም ይሁን። ገበያ የሞላው ስስ ትሪ ሲግል ይጣመማል፤ ዘይቱ ወደ አንድ ጥግ ይሸሽና ግማሹ ድንች ደረቅ ብረት ላይ ይጣበቃል፤ ርካሽነቱ ለዚህ አያዋጣም። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፤ የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ያለበት ድንች አይጣሉ፤ ይፈነጥቃል፣ ፊት ያቃጥላል። ትሪውን አውጥተው በማይነቃነቅ ቦታ ያሳርፉ፤ ልጆችን ያርቁ፤ ድንቹን በማንኪያ አንድ በአንድ ያስቀምጡ። በመካከላቸው የጣት ስፋት ይኑር፤ ከተደራረቡ እንደገና ይቀቀላሉ።

ለ25 ደቂቃ አይንኩት። ቅርፊት ከያዘ ራሱ ይለቃል፤ ካልለቀቀ አልደረሰም፣ አይፋቁት። ገልብጠው ሌላ 20 እስከ 25 ደቂቃ ይጨምሩ። የጥብስ ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት የመጨረሻው 10 ደቂቃ ላይ ብቻ ይግቡ፤ ቀድመው ከገቡ ያርራሉ። ኮረሪማና ኮሰረት ያለበት ንጥር ቅቤም ሲወጣ ላዩ ላይ ይደረግ። ሲያወጡት ጨው ነስንሰው በሰፊ ሳህን ያቅርቡት፤ ክዳን አይግጠሙበት።

ዘይቱ ጢስ ካበዛ ኦቨኑን አጥፍተው በሩን እንደተዘጋ ይተዉት። በጋለ ዘይት ላይ ውሃ በፍጹም አያፍስሱ፤ እሳት ቢነሳ እንኳ።

ይህን ሁሉ አድርገው ድንቹ ከገረጣ አሁን ኦቨኑን ይጠርጥሩ። የቁጥር ማዞሪያው 220 እያለ ውስጡ 180 የሆነ ኦቨን ብዙ ነው፤ በተለይ የበሩ ጎማ የላላ ከሆነ ወይም ማታ የመብራቱ ኃይል ሲወርድ። የኦቨን ቴርሞሜትር መሃል መደርደሪያ ላይ 20 ደቂቃ አስቀምጠው ያንብቡ፤ የጎደለውን ያህል ማዞሪያውን ከፍ ያድርጉ።