ቴርሞሜትሩ 70 ሲል ቫልቩ ለምን መዘጋት ይጀምራል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

"የማቅለሚያ ውሃ ታንከራችን 80 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት። ከ85 ካለፈ ቀለሙ ይበላሻል። ኦፕሬተሩ 80 ሲያይ ስቲሙን መቀነስ ይጀምራል፤ ሙቀቱ ግን ሁሌ ያልፋል። ኤም ፒ ሲ የተባለው፣ ወደፊቱን አስቀድሞ አስልቶ የሚወስን የቁጥጥር ዘዴ ለዚህ ምን ይጠቅማል?" ቴክኒሺያን፣ ሰበታ

ኦፕሬተሩ ላይ አይፍረዱ። 80 ላይ መቀነስ ከጀመረ ማንም ሰው ቢሆን ያልፋል። የላኩልኝን ቁጥሮች እንያቸው። ቫልቩ ከተነካ በኋላ ለ3 ደቂቃ ታንከሩ ላይ ለውጥ አይታይም። ቫልቩ በደቂቃ ከ10 በመቶ በላይ አይንቀሳቀስም። 60 በመቶ ሲከፈት ውሃው 80 ላይ ይረጋጋል። ይህን ሁሉ በአራት መስመር ማስቀመጥ ይቻላል፦

```
T[k+1] = 0.95*T[k] + 0.05*(20 + u[k-3])
0 <= u[k] <= 100
-10 <= u[k] - u[k-1] <= 10
T[k] <= 85
```

`T` ሙቀቱ ነው፣ `u` የቫልቩ መክፈቻ በመቶኛ፣ `k` ደግሞ ደቂቃው። አሁን ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሳለ ውሃው 80 ደረሰ እንበል። ኦፕሬተሩ መዝጋት ቢጀምርም ቀድሞ የገባው ስቲም ለ3 ደቂቃ ማሞቁን ይቀጥላል፦ 82፣ 83.9፣ 85.7። ከዚያ በኋላ ነው 90፣ 80፣ 70 በመቶ እያለ የሚቀንሰው ስቲም የሚደርሰው። ጫፉ 87.7 አካባቢ ይሆናል። ቀለሙ ተበላሸ ማለት ነው።

ኤም ፒ ሲ ይህንኑ ስሌት ከመከሰቱ በፊት ይሠራል። ለሚቀጥሉት 20 ደቂቃዎች የቫልቩን እንቅስቃሴ ያቅዳል። ሙቀቱ ከ80 በራቀ ቁጥር ቅጣት ይቆጥራል። ገደቦቹን ሳይጥስ ቅጣቱ በጣም ትንሽ የሚሆንበትን ዕቅድ ይመርጣል። ለእርስዎ ታንከር ጥሩው ዕቅድ መቀነስ የሚጀምረው ቴርሞሜትሩ 70 አካባቢ ሲያሳይ ነው። ቫልቩ ወደ 90፣ 80፣ 70፣ 60 ይወርዳል፤ ውሃውም በ72፣ 74.4፣ 76.7፣ 78.4 እና 79.5 አልፎ 80 ላይ ያርፋል። ግቡ ገና 10 ዲግሪ ሲቀረው መዝጋት መጀመር ለዓይን ስህተት ይመስላል። ስለዚህ ከኦፕሬተሮቹ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። አለበለዚያ የመጀመሪያው ቀን ላይ ቫልቩን በእጃቸው መልሰው ይከፍቱታል።

"ኤም ፒ ሲ የ20 ደቂቃ ዕቅድ አውጥቶ የመጀመሪያውን ደቂቃ ብቻ ይፈጽምና ቀሪውን ይጥለዋል። ታዲያ ለምን ይደክማል?" ተማሪ፣ አለም ገና

ቀሪው 19 ደቂቃ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ደቂቃ ውሳኔ ትክክል እንዲሆን ነው። 20 ደቂቃ አሻግሮ ያላየ ኮንትሮለር 70 ላይ መቀነስ እንዳለበት አያውቅም። ዕቅዱ ግን በአንድ ልኬት ላይ የተመሠረተ ነው። በሚቀጥለው ደቂቃ አንዱ ቀዝቃዛ ውሃ ቢጨምር ያ ዕቅድ ያረጃል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን እንደገና ያነባል፣ አድማሱን፣ ማለትም አሻግሮ የሚያየውን 20 ደቂቃ፣ በአንድ ደቂቃ ወደፊት ይገፋል፣ ከዚያም አዲስ ዕቅድ ያወጣል።

በነገራችን ላይ አድማሱን ስሌት ለመቆጠብ ብለው አያሳጥሩት። በሰበታው ታንከር 3 ደቂቃ መዘግየት አለ፤ ቫልቩ ከ100 ወደ 60 ለመውረድ ደግሞ 4 ደቂቃ ይፈልጋል። አድማሱ 3 ደቂቃ ከሆነ ኮንትሮለሩ የራሱን ውሳኔ ውጤት ጭራሽ አያየውም። በየደቂቃው የሚሠራ የዚህ መጠን ስሌት ለተራ ኮምፒዩተር እንኳ ቀላል ነው። `OSQP` የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃዋል።

"ሲሙሌሽን ላይ ያለችግር ሠራ። ፋብሪካው ላይ ግን አልፎ አልፎ `infeasible` ይልና ቫልቩ ባለበት ይቆማል። የሚቆመው ደግሞ ሁሌ በክፉ ሰዓት ነው።" መሐንዲስ፣ ገላን

በክፉ ሰዓት መሆኑ አጋጣሚ አይደለም። ሙቀቱ በሆነ ምክንያት 86 ደረሰ እንበል፤ ምናልባት ሰው የጎን መስመሩን በእጁ ከፍቶት ይሆናል። "ከ85 አትለፍ" የሚለው ገደብ አሁኑኑ ተጥሷል። ቫልቩ የፈለገውን ቢያደርግ ለቀጣዮቹ 3 ደቂቃዎች ውጤት የለውም። ገደቦቹን ሁሉ የሚያከብር ዕቅድ ስለሌለ ፕሮግራሙ እጁን ይሰጣል። ኮንትሮለሩ ይበልጥ በሚፈለግበት ሰዓት ሥራ አቆመ ማለት ነው።

መፍትሔው ገደቦቹን በሁለት መክፈል ነው። ቫልቩ ከ100 በላይ አይከፈትም፣ በደቂቃ ከ10 በላይ አይሄድም። ይህ የብረቱ ተፈጥሮ ስለሆነ ምንጊዜም ጥብቅ ይሁን። 85 ዲግሪ ግን የእኛ ፍላጎት ነው። ውሃው ሊያልፈው ይችላል፤ እኛ እንዲያልፈው አንፈልግም። ስለዚህ መጣስ የሚቻል፣ ግን በጣም ውድ ይደረግ፦

```
T[k] <= 85 + s[k]
s[k] >= 0
cost += 1000*s[k] + 100*s[k]^2
```

`cost` ቅጣቱ፣ `s` ደግሞ የጥሰቱ መጠን ነው። ሙቀቱ ከ85 በታች ሳለ ዜሮ ስለሚሆን ምንም አይቀይርም። 86 ሲደርስ ግን ፕሮግራሙ ከመቆም ይልቅ ጥሰቱን በቶሎ የሚያበቃ ዕቅድ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን `1000*s` አይርሱት። ብዙዎች ካሬውን ብቻ ያስገባሉ። የትንሽ ቁጥር ካሬ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ኮንትሮለሩ በየጊዜው በጥቂቱ ማለፍን ይለምዳል።

መጠባበቂያም ያዘጋጁ። ስሌቱ በሌላ ምክንያት ቢከሽፍ ቫልቩ ባለበት አይቁም፤ ያለፈው ዕቅድ ሁለተኛ እርምጃ ይፈጸም። ያን ዕቅድ የሚጥሉት አዲሱ ከተገኘ በኋላ ይሁን።

"ግቡ 80 ነው፣ ኮንትሮለሩ ግን 78 ላይ ተመችቶት ተቀምጧል። ገደብ አልተነካም፣ ስህተትም አያሳይም።" ኦፕሬተር፣ ቃሊቲ

ኮንትሮለሩ የሚተነብይበት ቀመር፣ ማለትም ሞዴሉ፣ "60 በመቶ ከከፈትኩ 80 ይሆናል" ብሎ ያምናል። የስቲሙ ግፊት ትንሽ ስለወረደ ወይም የታንከሩ መሸፈኛ ስለተቀደደ እውነቱ 78 ሆኗል። በየደቂቃው የተለካውን ከተተነበየው ጋር ያነጻጽሩ። ልዩነቱ 2 ዲግሪ ከሆነ ያንኑ ከመላው ትንበያ ላይ ይቀንሱ። ኮንትሮለሩ ያኔ እንደሚጎድል አይቶ ቫልቩን ወደ 62 ያደርሰዋል። ቅጣቱም ቫልቩ ከ60 በመራቁ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ብዙ በመንቀሳቀሱ ላይ ይሁን። ያለዚያ አንዱ እጅ የከፈተውን ሌላው ይዘጋዋል።

"እኛም እንደዚያ ያለ ማረሚያ አስገብተናል። ግባችን 93 ነው፤ መመሪያው እስከ 95 ይፈቅዳል። ክዳኑ ክፍት የሆነው ታንከራችን 91 ላይ ቆሞ ቫልቩ 100 ላይ ተለጥፏል።" ቴክኒሺያን፣ ሱሉልታ

ውሃችሁ እየፈላ ነው። መመሪያው የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ቦታ መሆን አለበት። በሱሉልታ ከፍታ ክፍት ታንከር ውስጥ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚያ በኋላ የሚገባው ስቲም ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል እንጂ ሙቀቱን አይጨምርም። ሞዴሉ ይህን ስለማያውቅ ሙቀቱ ሲቀር "ችግር ገጥሞኛል" ብሎ እርማቱን ያሳድጋል፣ ቫልቩንም ይበልጥ ይከፍታል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ሙቀቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ እርማቱ በየደቂቃው ይጨምራል።

ግቡን ወደ 87፣ የላይኛውን ገደብ ወደ 89 አውርዱ። ሙቀቱ 90 ሲያልፍም እርማቱ መታደሱን ያቁም። ሥራው የግድ 93 ከፈለገ ታንከሩ ግፊት የሚችል ዝግ ዕቃ መሆን አለበት፤ ይህን ሶፍትዌር አያመጣውም።