«ረሳሁት» ወይስ «ጠፋኝ»?

ጥያቄ፦ ከወራት በፊት የተዋወቅኋቸው አንዲት ሴት በስሜ ጠርተው ሰላም ሲሉኝ የእሳቸው ስም አልመጣልኝ አለ። «ስምዎን ረሳሁት» ብላቸው ቅር የሚላቸው መስሎኝ ዝም አልኩ። የተሻለ አነጋገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ ልዩነቱም በግሡ ላይ ነው። «ረሳሁት» ሲባል የድርጊቱ ባለቤት ተናጋሪው ነው። «ዘነጋሁት» ደግሞ ከዚህ ይከብዳል፤ «ዝንጉ» ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ስለሆነ ግድየለሽነትን ያመለክታል። «ስምዎ ጠፋኝ» ሲባል ግን ባለቤቱ ስሙ ሲሆን፣ ተናጋሪው «ራበኝ» እና «ደከመኝ» በሚሉት ግሦች እንደምናየው ነገሩ የደረሰበት ሰው ብቻ ሆኖ በመጨረሻዋ «ኝ» ይጠቆማል። መርሳቱ አልተካደም፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ግን አይመስልም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ጥንቃቄ ይሻል። «ስምዎ ማን ነው?» ማለት ከዚህ ቀደም አልተዋወቅንም እንደማለት ነው። «ስምዎን ማን ነበር ያሉኝ?» ሲባል ግን «ነበር» የቀድሞውን ትውውቅ ያስታውሳል፤ የሴትዮዋ ስም ዛሬም ያው ስለሆነ ኃላፊ ጊዜው የሚያመለክተው ስሙን ሳይሆን የተነገረበትን ዕለት ነው። በስልክ የለመድነው «ማን ልበል?» እዚህ ቦታ የለውም፤ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ሲነገር ስሙን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን ራሱን አላወቅሁም ያሰኛል።

የስሙ ቦታም ይረዳል። «ወይዘሮ አልማዝ፣ እንደምን ሰነበቱ?» ለማለት ስሙ አስቀድሞ አፍ ላይ መገኘት አለበት፤ «እንደምን ሰነበቱ፣ ወይዘሮ አልማዝ?» ሲባል ግን ሰላምታው እስኪያልቅ ለማስታወስ ፋታ ይገኛል። ካልመጣም «እንደምን ሰነበቱ?» ብቻውን ሙሉ ሰላምታ ነው፤ አክብሮቱን ግሡ ይዞታልና ጉድለቱ አይታወቅም። እኔ ራሴ በዚህ ብልሃት ተማምኜ ረጅም ጨዋታ ከጨረስኩ በኋላ የሰውየውን ስም ለሌላ ሰው እንድነግር ተጠይቄ አፍሬአለሁ። ስለዚህ መጠየቅ የሚሻለው ገና ሰላምታው ሳይበርድ ነው፦

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንደምን ሰነበቱ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስምዎ ጠፋኝ፤ ማን ነበር ያሉኝ?»
«አልማዝ።»
«አዎ፣ ወይዘሮ አልማዝ! ባለፈው ስንገናኝ ጉዞ ላይ ነበሩ፤ በሰላም ተመለሱ?»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ስሙን ወዲያው በአፍ ታስለምዳለች፣ ጉዞውን በማንሣቷም የጠፋው ስሙ እንጂ ሴትዮዋ እንዳልነበሩ ታሳያለች። በስሕተት ሌላ ስም ከተጠራ ደግሞ «ይቅርታ፣ ወይዘሮ አልማዝ ማለቴ ነው» ብሎ ወደ ጨዋታው መመለስ ይበቃል፤ ይቅርታው ሲረዝም ማጽናናቱ በእሳቸው ላይ ይወድቃል።