ሦስት የመግቢያ ደረጃዎች፣ አንድ አጭር ማስታወቂያ

ጥያቄ፦ የሒሳብና የዕቃ ክምችት መመዝገቢያችን በአንድ የጋራ ሲስተም ላይ ነው። እስካሁን ሁሉም ሠራተኛ ሁሉንም ነገር መክፈትና መለወጥ ይችል ነበር። ከመጪው ወር ጀምሮ ግን ማየት፣ መመዝገብና ማጽደቅ የሚባሉ ሦስት የመግቢያ ደረጃዎች ይኖራሉ። ለሁሉም ሠራተኛ አጭር ማስታወቂያ እንዳዘጋጅ ታዝዤ ረቂቁ ሦስት ገጽ ሆነብኝ። ያነበቡት ባልደረቦቼም «እኔ የትኛው ነኝ?» ብለው ጠየቁኝ። ምኑን ላውጣ፣ ምኑን ላስቀር?

መልስ፦ ለባልደረቦችዎ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ከማስታወቂያው ጋር የሚያያዝ የስም ዝርዝር ነው። የሠራተኛው ስም፣ የተሰጠው ደረጃና ሰነዱን የሚያጸድቅለት ሰው ስም ይኑርበት፤ ሦስት ዓምድ ይበቃል። ይህ ሲሆን የየክፍሉን ሥራ የሚተነትነው ሐተታ በሙሉ ከረቂቁ ይወጣል። እያንዳንዱ ደረጃ የትኛውን ገጽ እንደሚከፍት የሚዘረዝር ክፍል ካለም ያውጡት፤ ሰው ሲስተሙን ሲከፍት የተፈቀደለትን ራሱ ያየዋል።

መቅረት የሌለበት፣ በእንዲህ ዓይነት ማስታወቂያዎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በመመዝገብና በማጽደቅ መካከል የሚያልፈው ጊዜ ነው። እስካሁን አንድ ሰው መዝግቦ ሲያስቀምጥ ቀሪው ወዲያው ይለወጥ ነበር። አሁን በአብዛኞቹ ሲስተሞች ሰነዱ እስኪጸድቅ ድረስ ረቂቅ ሆኖ ይቆያል፤ ቀሪውም አይነካም።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በአንድ ዕቃ እንየው። በሲስተሙ ላይ የአንድ ዕቃ ቀሪ 12 ካርቶን ነው እንበል። ጠዋት 40 ካርቶን ይገባል፤ የመጋዘን ሠራተኛውም ወዲያው ይመዘግባል። አጽዳቂው ግን ስብሰባ ላይ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ 30 ካርቶን የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ሻጩ ሲስተሙን አይቶ «12 ብቻ ነው ያለን» ይለዋል፤ ዕቃው ግን መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። በተቃራኒው በኩል ያለው ደግሞ ይብሳል። 40ው ጸድቆ ቀሪው 52 ከሆነ በኋላ ለአንድ ደንበኛ 10 ካርቶን ወጥቶ ሰነዱ ሳይጸድቅ ቢቆይ፣ በመጋዘኑ 42 ቀርቶ ሳለ ሲስተሙ 52 ያሳያል። ሌላው ሻጭ ለሌላ ደንበኛ 50 ካርቶን ቃል ይገባል። በዚህ ውስጥ ያጠፋ ሠራተኛ የለም፤ ጉድለቱ የማጽደቂያው ሰዓት አለመነገሩ ነው።

አንዳንድ ሲስተሞች ያልጸደቀውን በተለየ ዓምድ ያሳያሉ። የእርስዎ እንዴት እንደሚሠራ ማስታወቂያውን ከመጻፍዎ በፊት ይፈትኑት። በመመዝገብ ደረጃ ይግቡና የአንድ ዕቃ አንድ ፍሬ ገቢ ይመዝግቡ፤ በማየት ደረጃ በሚገባ ሰው ስም ቀሪውን ይመልከቱ፤ ከዚያ አስጸድቀው እንደገና ይመልከቱ። ሲጨርሱ ያንኑ አንድ ፍሬ በመመለሻ ሰነድ ያስወጡት። እኔ ማስታወቂያውን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

ለሁሉም ሠራተኞች

ጉዳዩ፦ በሒሳብና ክምችት ሲስተም ላይ ስለሚጀመሩ የመግቢያ ደረጃዎች

ከመጪው ወር የመጀመሪያ የሥራ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ሠራተኛ በሲስተሙ የሚሠራው በተሰጠው ደረጃ ነው። የእርስዎ ደረጃና ሰነድዎን የሚያጸድቀው ሰው ስም በተያያዘው ዝርዝር ላይ ይገኛል።

ማየት የተፈቀደለት ቀሪና ዋጋ ይመለከታል፣ ሪፖርት ያትማል፤ ምንም አይለውጥም። መመዝገብ የተፈቀደለት የገቢ፣ የወጪ፣ የሽያጭና የክፍያ ሰነዶችን ያዘጋጃል፤ እስኪጸድቁ ድረስም የራሱን ያርማል። ማጽደቅ የተፈቀደለት ሰነዱን ከማስረጃው ጋር አመሳክሮ ያጸድቃል ወይም ምክንያቱን ጽፎ ይመልሳል፤ ራሱ የመዘገበውን አያጸድቅም።

የተመዘገበ ዕቃ በቀሪው ላይ የሚታየው ከጸደቀ በኋላ ነው። ሰነዶች በየቀኑ ጠዋት በ4 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ይጸድቃሉ፤ አስቸኳይ ሲሆን ለአጽዳቂው ይደውሉ። ለደንበኛ «አለ» ወይም «የለም» ከማለትዎ በፊት ያልጸደቀ ሰነድ መኖሩን መጋዘኑን ይጠይቁ።

የጸደቀ ሰነድ አይሰረዝም፤ ስህተት ካገኙ ለአጽዳቂው ያሳውቁ። ሲስተሙ «አልተፈቀደም» ቢልዎ ብልሽት አይደለም፤ ለሥራዎ የሚያስፈልግ ከሆነ ደረጃው እንዲስተካከል የክፍል ኃላፊዎን ይጠይቁ። የይለፍ ቃልዎን ለማንም፣ ለአለቃዎም ቢሆን፣ አይስጡ።

ማስታወቂያው ይኸው ነው፤ ከአንድ ገጽ አያልፍም። ሰዓቶቹን እንደ ሥራችሁ ይለውጡ፤ ነገር ግን አጽዳቂዎቹ ሊያከብሩት የማይችሉትን ሰዓት አይጻፉ።

«አይሰረዝም» የሚለው ብዙ ጥያቄ ስለሚያመጣ ምክንያቱን ይዘው ይጠብቁ። ሲስተሙ የጋራ ስለሆነ የገቢ ዕቃ ሰነድ ሲጸድቅ የሚነካው ክምችቱን ብቻ አይደለም፤ በሒሳቡም በኩል ለአቅራቢው የሚከፈለው ዕዳ አብሮ ይመዘገባል። 14 ካርቶን ገብቶ በስህተት 40 ቢጻፍና ቢጸድቅ፣ በክምችቱ የሌለ 26 ካርቶን፣ በዕዳውም የ26 ካርቶን ዋጋ ይጨመራል። ማስተካከያው የ40ውን ሰነድ በሙሉ የሚመልስ ሰነድ መሥራትና 14ን እንደ አዲስ መመዝገብ ነው። ሦስቱም ሰነዶች ይቀመጣሉ፤ ከወራት በኋላ መዝገቡን የሚመረምር ሰው የሆነውን ሁሉ ተከትሎ ያገኘዋል።

ለውጡ ከመጀመሩ በፊት ባለው ቀን ማታ በረቂቅ የቀሩትን ሰነዶች ሁሉ አስጨርሱ። አንድ ሠራተኛ ጀምሮ የተወው ሰነድ ካለና በማግስቱ ደረጃው ወደ ማየት ከወረደ፣ እርሱ ሊጨርሰው አይችልም፤ ሌላው መዝጋቢም የራሱ ሰነድ ስላልሆነ ላይከፈትለት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰነድ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በወር መዝጊያ ላይ ነው።

አጽዳቂው ፈቃድ ሲወጣ የሚተካው ሰው በራሱ ስም፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተወስኖለት የማጽደቅ ደረጃ ይሰጠው። ይህ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ አጽዳቂው የይለፍ ቃሉን ትቶ መሄዱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ሦስቱ ደረጃዎች በስም ብቻ ይቀራሉ። ሠራተኛው ጥቂት ሆኖ አንዱ ሰው መመዝገብም ማጽደቅም ግድ ከሆነበት፣ ሲስተሙ የራስን ሰነድ ማጽደቅ እንዲከለክል ያስተካክሉት። ይህን ማድረግ የማይችል ከሆነ የመዝጋቢውና የአጽዳቂው ስም አንድ የሆነባቸውን ሰነዶች በየሳምንቱ አውጥቶ ሌላ ኃላፊ ይያቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሲስተሙን የመግቢያ መዝገብ ይከታተሉ። አንድ የተጠቃሚ ስም በአንድ ጊዜ በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ከታየ፣ ወይም አንድ ሰነድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ በሁለት ስሞች በደቂቃ ልዩነት ተመዝግቦ ከጸደቀ፣ የይለፍ ቃል ተሰጥቷል ብለው ይጠርጥሩ። ሠራተኛውን ከመውቀስዎ በፊት ሰነዱ ስንት ሰዓት ሳይጸድቅ እንደቆየ ይጠይቁ፤ መዘግየቱ በየቀኑ የሚደጋገም ከሆነ ሁለተኛ አጽዳቂ ይመደብ።