በጥቅስ ፋንታ ያበጠችው በግ

ጥያቄ፦ «የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ አጠገብ ነው። በኮመን አፕ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የማስገባውን ድርሰት ማንዴላ ስለ ትምህርት በተናገሩት ጥቅስ ጀመርኩት። የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ‹እዚህ ውስጥ አንቺ የለሽም› አሉኝ። የጽናትን ትርጉም ከመዝገበ ቃላት ባስቀድምስ? ማጥናት የምፈልገው ባዮሎጂ ነው። በጎቻችን የት እንደዋሉ በደብተር እመዘግባለሁ፤ ጥር ላይ ያበጡት መስከረም ጨፌ የዋሉት ሆነው አገኘኋቸው። የእንስሳት ሐኪሙም የጉበት ትል ነው አለ። ግን የበግ ነገር ለዩኒቨርሲቲ የሚጻፍ አይመስለኝም።»

መልስ፦ የበጎቹን ጻፊው፤ ጥቅሱንም ትርጉሙንም ተዪያቸው። የኮመን አፕ ድርሰት ከ650 ቃል ማለፍ አይችልም። ጥቅሱን አስቀምጠሽ፣ የተናገረውን ሰው አስተዋውቀሽ፣ ከራስሽ ጋር እስክታገናኚው ድረስ 70 ወይም 80 ቃል ይሄዳል፤ በዚያ ሁሉ ውስጥ አንባቢው ስለ አንቺ የሚያውቀው ነገር የለም። የመዝገበ ቃላት ትርጉምም ያው ነው። ስምሽን አንስተሽ የሌላ ተማሪ ስም ብትተኪበት መክፈቻው እንዳለ ይሄዳል፤ አስተማሪሽ ያሉሽም ይህንኑ ነው።

አሁን ከባዱ ነገር ከበጎቹ ታሪክ ውስጥ የትኛውን ቅጽበት ማስቀደም እንዳለብሽ መምረጥ ነው። ብዙ ተማሪ የሚመርጠው በግ የሞተችበትን ጠዋት ነው፤ ያሳዝናልና። ነገር ግን እዚያ አንቺ ቆመሽ ታያለሽ እንጂ የምታደርጊው ነገር የለም። አንባቢው ያዝንልሻል፤ እንዴት እንደምታስቢ ግን አያውቅም። ሐኪሙ የመጣበት ቀን ደግሞ ባለጉዳዩ ሐኪሙ ነው፤ መልሱም ከመጀመሪያው ስለተነገረ ቀሪው ድርሰት የሚጎትተው ነገር ያጣል። የሚሻለው ደብተሩን ወደ ኋላ የገለጥሽበት ሰዓት ነው። ቦታው አንድ ነው፣ ጊዜው ደቂቃዎች ነው፣ የምትሠሪው አንቺ ነሽ፤ ጥያቄውም ገና አልተፈታም።

እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ከመንጋጋዋ ስር ያለውን እብጠት በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። ማታ ደብተሬን ገለጥኩ። ጥር ላይ ይህች በግ ጨፌ አልዋለችም። ታኅሣሥም፣ ኅዳርም አልዋለችም። ስሟን ከጨፌው ጋር ያገኘሁት መስከረም ላይ ነው።»

ይህ አጭር ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍም ከ100 ቃል እንዳያልፍ ያዢው። ደግሞ እብጠቱን ተጭነሽ ካላየሽው ያቺን ዓረፍተ ነገር አውጫት። የጻፍሽው ደብተሩ ውስጥ ካለውና አስተማሪዎችሽ ከሚያውቁት ጋር መግጠም አለበት።

ከትዕይንቱ ቀጥሎ «ያን ቀን ጽናትን ተማርኩ» የሚል ዓረፍተ ነገር አታስገቢ፤ ያባረርነውን መዝገበ ቃላት በጓሮ በር መመለስ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄው ነው፦ መስከረም የበላችው ሣር ጥር ላይ እንዴት ያሳብጣታል? የጉበት ትል ጨፌ ውስጥ በምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ወጥቶ ሣሩ ላይ ይጣበቃል። በጓ ከሣሩ ጋር ትውጠዋለች፤ ከዚያ ጉበቷ ውስጥ አድጎ እብጠቱ እስኪታይ ወራት ይወስዳል። በደብተርሽ ላይ ያለው የአራት ወር ክፍተት ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ለባዮሎጂ አመልካች ከዚህ የተሻለ መሸጋገሪያ አላገኝልሽም።

አንድ ነገር ግን አትደብቂ። ከመንጋጋ ስር ማበጥ በጨጓራ ትልም፣ በምግብ እጥረትም ይመጣል፤ ስለዚህ ደብተሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ይህንን ራስሽ ከጻፍሽውና ጨፌ ሳይውሉ ያበጡ በጎች ይኖሩ እንደሆነ መፈለግሽን ካሳየሽ፣ የሚያነብሽ ሰው የተመራማሪ ጠባይ ያይብሻል። ያበጡትን ብቻ ቆጥረሽ ከሆነም ጨፌ ውለው ጤነኛ የቀሩትን አሁን ከደብተሩ ቁጠሪያቸው።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ በአማርኛ ጨርሰሽ ቃል በቃል አትተርጉሚ። ትዕይንቱን በአማርኛ ካሰብሽው በኋላ ደብተሩን ይዘሽ በእንግሊዝኛ እንደ አዲስ ጻፊው። «ጨፌ» የሚለውን ቃል አንዴ እንዳለ አስገቢውና በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ውሃ የሚተኛበት የግጦሽ መሬት መሆኑን ግለጪ፤ አንባቢሽ መንዝን አይቶ አያውቅም።

ሲያልቅ በጎቹን ለማያውቅ ሰው የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ አስነብቢውና «ቀጥሎ ምን የሚመጣ ይመስልሃል?» በይው። «በጓ ለምን እንዳበጠች» ካለሽ መክፈቻሽ ሠርቷል። «ስለ ችግራችሁ» ካለሽ ግን አንባቢው እንዲያዝንልሽ የሚያደርጉትን ቃላት እየፈለግሽ አውጫቸው፤ ጣትሽና ደብተሩ ግን ባሉበት ይቆዩ።