የረመዳን ልምምድ፦ ከኢፍጣር በፊት ወይስ በኋላ? ጥያቄና መልስ ከድሬ

ድሬዳዋ ውስጥ ወጣት ሯጮችን ማሰልጠን ከጀመርኩ አስራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ረመዳን ሲቃረብ ስልኬ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይጨናነቃል። ዘንድሮ ሰብስቤ እዚሁ ልመልስ ብዬ ነው። የሃይማኖቱን ጥያቄ ለሼኾቹና ለቄሶቹ ትቼዋለሁ። እኔ የማወራው ስለ ላብና ስለ እግር ነው።

ሯጩ ከሳቢያን፦ ኮች፣ 10 ኪሎ ሜትር ነው የምሮጠው። ባለፈው ረመዳን እንደ ወትሮዬ ሰርቼ ሁለተኛው ሳምንት ላይ እግሬ እምቢ አለኝ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

ይህ ልጅ አጠገቤ ስለሆነ ነገሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አስር ጊዜ 400 ሜትር ይሮጥ ነበር። መሬቱ ቀኑን ሙሉ የዋጠውን ሙቀት የሚመልስበት ሰዓት ነው። ከዚያ ያፈጥራል፣ ሳምቡሳና ጁስ ይሞላበታል፣ ተራዊሕ ይሰግዳል፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲያወጋ ሌሊት 6 ሰዓት ይሆናል። 10 ሰዓት ላይ ለሱሑር ይነሳል።

አንድ ቀን ሚዛን ይዤ ሄድኩ። በቁምጣ ብቻ ከልምምድ በፊት መዘንኩት፦ 62.4 ኪሎ። ከልምምድ በኋላ ላቡን ጠርጎ፦ 61 ኪሎ። ያ ስብ አይደለም፣ ውሃ ነው። 1.4 ኪሎ ማለት 1.4 ሊትር ገደማ ላብ ነው። ከምትጠጣው ከፊሉ በሽንት ስለሚወጣ፣ ያንን ለመተካት ወደ 2 ሊትር መጠጣት አለብህ። የዕለት ተዕለቱ የውሃ ፍላጎት ደግሞ በዚያ ላይ ይደመራል። ይህ ሁሉ መግባት ያለበት ከማታ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ ንጋት 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ አራት ሰዓቱ እንቅልፍ ነው። አይሞላም። ትንሽ ዕዳ ይዞ ያድራል፣ በነጋታው ሌላ ይጨምርበታል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ እግሩ እምቢ ያለው ለዚህ ነው።

ያኔውኑ ሦስት ነገር ቀየርን። ከባዱን ልምምድ ወደ ማታ 3 ሰዓት አዞርነው፤ የተራዊሑን ሰዓት ከመስጊዱ ጋር እያየ ያስተካክላል። ከአስሩ ዙር ስድስቱን ብቻ ያዝን፣ ፍጥነቱን ግን አልነካንም። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ፍጥነቱን ቀንሶ ርቀቱን ይዞ ይቀጥላል። በአንድ ወር ውስጥ አቅምህን ይዞ የሚያቆይልህ ፍጥነቱ ነው። ርቀቱ ቢቀንስ ብዙም አይጎዳህም። በሳምንት 70 ኪሎ ሜትር የነበረውን ወደ 48 አወረድነው። ከባድ ልምምድ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሆነ። ሌሎቹ ቀናት 35 ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ ያውም ከመግሪብ አስር ደቂቃ በፊት የሚያልቅ። ጫማውን ሲፈታ አዛን ይሰማል፣ ውሃው አጠገቡ ነው።

ምግቡም ተከፈለ። ሲያፈጥር ሦስት ተምር፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ ሳህን ሾርባ። ሳምቡሳ አንድ ብቻ፤ ዘይት ሆድ ውስጥ ቁጭ ስለሚል ሩጫ ላይ ወደ ላይ ይመጣል። ዋናውን እራት ከልምምድ በኋላ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይበላል። ማታ ሲሰራ የጠፋው 0.7 ኪሎ ነበር፣ በየመሀሉም ውሃ ይጎነጫል።

ውጤቱን ሳላጋንን፦ 400ውን በ70 ሰከንድ ይሮጥ የነበረው ዒድ ሲደርስ በ71 ሮጠ። አልተሻሻለም። ግን ዒዱ ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት ከድሮው ቦታው ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለዚያ አንድ ወር ተኩል ፈጅቶበታል።

ከገንደ ቆሬ፦ አቦ ለምን እናካብዳለን? ሱሑር ላይ 2 ሊትር በአንዴ መገልበጥ ነው። ግመል እንደዚያ አይደል የሚያደርገው?

ግመል ብትሆን ኖሮ አሰልጣኝ አያስፈልግህም ነበር። ያንን ያህል ውሃ በአንዴ ስትገለብጥ ኩላሊትህ ትርፍ ነው ብሎ ይጥለዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ሦስቴ ሽንት ቤት ትመላለሳለህ፣ ቀትር ላይ ያው ጥማትህ ነው። ካፈጠርክ ጀምሮ እስክትተኛ በየሰዓቱ አንድ ሁለት ብርጭቆ ጠጣ፣ ሱሑር ላይ ደግሞ ሁለት። ጨው ያለበት ምግብ አብሮ ይሁን፤ ሾርባ ወይም ፉል። ጨው ውሃውን ሰውነት ውስጥ ያቆየዋል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ጨዉን በዚህ ምክንያት አይጨምር።

መለኪያው ቀላል ነው። ከመተኛትህ በፊት ሽንትህን እይ። የሎሚ ውሃ ከመሰለ ደህና ነህ። ቀይ ሻይ ከመሰለ ነገ ከባድ ልምምድ የለም።

ጂም የሚሰራ፣ ከዚራ፦ ቡና ውሃ ያደርቃል፣ ስለዚህ ረመዳንን ሙሉ መተው ነው። ላስቲክ ለብሶ መሮጥ ደግሞ ከኢፍጣር በፊት ስብ ያቀልጣል። ልክ ነኝ?

ስለ ቡናው ግማሽ ልክ ነህ። ሽንት ትንሽ ያበዛል፣ ግን ለለመደ ሰው አንድ ሁለት ስኒ የሚያደርቅ አይደለም። የሚጎዳህ በአንዴ ማቆሙ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የራስ ምታት ብዙ ጊዜ ከረሃብ ሳይሆን ከቡና ነው። ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው በየቀኑ አንድ ስኒ እየቀነስክ ግባ። ቡናው ካፈጠርክ ብዙም ሳትቆይ ይሁን፣ 5 ሰዓት ላይ ከጠጣኸው እንቅልፍህን ይወስድብሃል።

ላስቲኩን ጣለው። የሚቀልጠው ስብ አይደለም፣ ውሃ ነው፤ ስታፈጥር ኪሎው ተመልሶ ይመጣል። ላብ እንዳይተን ስለሚያፍነው ሰውነትህ መቀዝቀዝ ያቅተዋል። በድሬ ሙቀት፣ ውሃ ሳይጠጡ፣ ላስቲክ ለብሶ መሮጥ ሆስፒታል ያስገባል።

ያው ልጅ፦ እሺ ላስቲኩ ይቅር። ጫትስ? ካፈጠርን በኋላ ትንሽ ይዘን፣ ምርቃናው ላይ 5 ሰዓት ጂም ብንገባ ጉልበት ይሰጣል።

ጉልበት አይደለም የሚሰጥህ፣ ድካሙ እንዳይሰማህ ነው የሚያደርገው። ጫት ልብህን ያፈጥነዋል፣ ግፊትህንም ከፍ ያደርገዋል፤ በዚያ ላይ ከባድ ብረት ስታነሳ ልብህ ላይ እጥፍ ሸክም ነው። ከዚያ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። መብላት የምትችልባቸው ሰዓታት እነዚያው ናቸው፣ እነሱንም ዘጋሃቸው ማለት ነው። እስከ ሱሑር ዓይንህ ፈጥጦ ያድራል። ወይ ብረቱን ወይ በርጫውን ምረጥ። ጂሙን 3 ሰዓት አድርገው፣ 45 ደቂቃ ይበቃል።

ከሐረር፣ ሸዋ በር፦ እኔ ሁዳዴ ነው የምፆመው፣ እስከ 9 ሰዓት። እኛንም ያካትታል ወይስ ለሙስሊሞቹ ብቻ ነው?

ያካትታል፣ እህቴ። በ2018 የካቲት ሁለቱ ፆሞች በአንድ ሳምንት ነበር የገቡት፤ ሜዳ ላይ ግማሹ 9 ሰዓት፣ ግማሹ መግሪብ ይጠብቅ ነበር። የአንቺ ሰዓት እንዲያውም ይቀላል። 9 ሰዓት ላይ ቀለል ያለ ነገር በልተሽ፣ ውሃሽን ጠጥተሽ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከባዱን ልምምድ መስራት ትችያለሽ። ሐረር ደግሞ ከድሬ በ600 ሜትር ገደማ ትበልጣለች፤ ምሽቱ ይነፍሳል።

የአንቺ ችግር ሰዓቱ ሳይሆን ሳህኑ ነው። 55 ቀን ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የለም። ሽሮና ምስር ጥሩ ናቸው፣ ግን መጠኑ ብዙ ጊዜ ያንሳል፤ እንጀራው ሰፊ፣ ወጡ ጭልፋ ይሆናል። ገልብጪው። የባቢሌ ኦቾሎኒ ደጃፋችሁ ነው፣ ከልምምድ በኋላ አንድ እፍኝ ብይ። ሻይ ከምግብ ጋር አትጠጪ፣ ከምስሩ የምታገኚውን አይረን ይቀንስብሻል፤ አንድ ሰዓት አቆይተሽ ጠጪ። ሎሚ ግን ምስሩ ላይ ጨምቂበት።

አንድ አባት፣ ከመጋላ፦ ልጄ፣ እኔ ሯጭ አይደለሁም፣ ስኳር አለብኝ። በየቀኑ ከዓስር በኋላ አንድ ሰዓት እራመዳለሁ። በፆሙ ልቀጥል?

አባባ፣ የእርስዎን ነገር ከሐኪምዎ ጋር ነው የሚወስኑት፣ ያውም ረመዳን ሳይገባ፤ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን መቀየር ሊኖርበት ይችላል። እኔ የማውቀው ይህን ነው፦ ከመግሪብ በፊት ያለው ሰዓት ስኳር በጣም የሚወርድበት ነው። እግርዎን ካፈጠሩ በኋላ ያፍታቱ፤ ተራዊሑም ራሱ እንቅስቃሴ ነው። መለኪያው ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ካሳየ ፆሙን ይፍቱ። ስኳር መለካት ፆም እንደማይፈታ ሼኾቹ ራሳቸው ይነግርዎታል።

እናት፣ ከሳቢያን፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ ተጫውቶ ሲመጣ አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል። ርቦት ነው እላለሁ።

ርቦት ላይሆን ይችላል፣ እህቴ። በሙቀት ውስጥ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቆዳ እንደ ዶሮ ቆዳ መቆም፣ ማዞር፣ ማስታወክ የሙቀት ምልክቶች ናቸው። ያኔ ጥላ ውስጥ አስቀምጪው፣ ልብሱን አውልቀሽ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሺበት፣ አጠጪው። ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጪው። ውሃውን እያፈሰስሽበት የመጀመሪያውን ባጃጅ አስቁመሽ ሆስፒታል ውሰጂው። ኳሱን ደግሞ ማታ ይጫወት፤ የድሬ ልጅ ረመዳን ላይ በመብራት ሲጫወት ነው ያደገው።

አንጋፋ ሯጭ፣ ከሐረር፦ ኮች፣ አንድ ነገር ረሳህ። እኔ ሱሑር በልቼ፣ ሱብሂ ሰግጄ ወዲያው ነው የምወጣው። አራት ረመዳን እንዲህ ነው የሮጥኩት፣ ምንም አልሆንኩም።

አልረሳሁትም፣ ፈርቼው ነው። አየሩ ልክ ነህ፣ ከንጋት የተሻለ የለም። ሆኖም በላብ ያወጣኸውን ለመተካት አስራ ሁለት ሰዓት መጠበቅ አለብህ። በሐረር ብርድ፣ 30 ደቂቃ ቀላል ሩጫ ለአንተ ይሰራ ይሆናል፤ ላብህ ትንሽ ነው። ድሬ ላይ ሁለት ልጆች ሞክረውት አንዱ ተመችቶታል፣ ሌላው በአምስተኛው ቀን ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እየጣለው ተወው። አንተ ጋ ሚዛን ካለ ለአንድ ሳምንት ከሱሑር በፊት ተመዘንና ቁጥሩን ላክልኝ። በየቀኑ ቁልቁል ካልሄደ እኔም ሐሳቤን እቀይራለሁ።